የምስር ወጥ ካሎሪ ስሌት የሚበላሸው የት ላይ ነው?

«ሰንጠረዡ 100 ግራም ምስር 116 ካሎሪ አለው ይላል። እኔ 400 ግራም ነው የተጠቀምኩት፤ ስለዚህ 464 ነው።»

አይደለም! ደብረ ብርሃን ውስጥ ወጥ ሠርተው በዕቃ እያሸጉ የሚሸጡ ሰዎች ሰንጠረዣቸውን ሲያሳዩኝ ሁሌ የማገኘው ይህንኑ ስሌት ነው፤ በእውነት ሰልችቶኛል። 116 የተቀቀለ ምስር ቁጥር ነው። እናንተ የመዘናችሁት ደረቁን ነው። ደረቁ በ100 ግራም 350 አካባቢ ስለሆነ 400 ግራሙ 1,400 ካሎሪ ይሆናል። ሲበስል ውሃ ጠጥቶ ወደ 1,200 ግራም ይደርሳል፤ ውሃው ግን ክብደት እንጂ ካሎሪ አይጨምርም።

እስቲ ድስቱን በሙሉ እናስላው። ምስሩ 1,400፣ ዘይት 100 ግራም 880፣ ሽንኩርት 300 ግራም 120፣ በርበሬ 30 ግራም 90 ገደማ። ድምሩ 2,490 ነው። ለ8 ሰው ሲካፈል ለአንዱ 311 ይደርሰዋል። በተሳሳተው ስሌት ግን 194 ብቻ ይወጣል። ካርቦሃይድሬቱም እንደዚሁ ነው፦ ደረቁ በ100 ግራም 60 ግራም አካባቢ ሲኖረው የተቀቀለው 20 ገደማ ነው። አንዲት ደንበኛዬ ወጡን የምትሸጠው ኢንሱሊን ለሚወስዱ ሰዎች ጭምር ነበር፤ እነሱ ደግሞ መድኃኒታቸውን የሚለኩት በዚያ ቁጥር ነው። ስለዚህ ሰንጠረዥ ስታዩ መጀመሪያ «ደረቅ» ወይም «የበሰለ» የሚለውን ፈልጉ። ደረቅ ጥራጥሬ ሆኖ ከ150 በታች ካነበባችሁ የተሳሳተውን መስመር ይዛችኋል ማለት ነው።

«የምግብ አሠራሩ ለ8 ሰው ይላል፤ በ8 አካፍላለሁ።»

በጭልፋ ስትቀዱ እኩል 8 ይወጣል? ባዶውን ድስት መዝኑ፤ ወጡ ሲበስል ከነድስቱ መዝኑና የድስቱን ቀንሱ። 2,000 ግራም ከሆነ አንድ ድርሻ 250 ግራም ነው፤ ስታሽጉም በሚዛን አድርጉት። የሌላ ሰው የበሰለ ክብደት አትውሰዱ። ደብረ ብርሃን ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ምስሩ እሳት ላይ ይቆያል፣ የሚተነውና የሚጨመረው ውሃ ከቆላ ይለያል፣ የወጡ ክብደትም አብሮ ይለያል። አንዱ ወፍራም ሌላው ቀጭን ቢወጣ የድስቱ ድምር ያው 2,490 ነው፤ የሚለወጠው በ100 ግራም ያለው ነው።

«ዘይቱ ሲቁላላ ይተናል።»

የሚተነው የሽንኩርቱ ውሃ ነው። ላዩ ላይ የተንሳፈፈውን ቀድታችሁ ካልጣላችሁ ሁሉንም ቁጠሩት። በብርጭቆ ከለካችሁ ደግሞ 100 ሚሊ ሊትር ዘይት 92 ግራም መሆኑን ያዙ።

«10 ግራም ጨው ጨምሬያለሁ፤ ሶዲየም 10 ግራም ብዬ ጻፍኩ።»

4 ግራም ገደማ ነው። ለ8 ሲካፈል ለአንድ ድርሻ 500 ሚሊ ግራም አካባቢ ይሆናል።