ክሊንአውት ምንድን ነው? በረጅም የፍሳሽ መስመር ላይስ የት የት ይቀመጣል?

ክሊንአውት በቤት ፍሳሽ መስመር ላይ የሚተው፣ ክዳን ያለው አፍ ነው። መስመሩ ሲዘጋ ክዳኑን ፈትተን ስፕሪንግ፣ ማለትም መዝጊያውን የሚያስለቅቀውን ረጅም ተጣጣፊ ሽቦ፣ የምናስገባው በእሱ ነው። እሱ ከሌለ የቀረው ሴራሚክ መስበርና መቆፈር ነው።

ባለፈው ክረምት ባሕር ዳር አክስቴ ቤት የደረሰውም ይኸው ነው። ኩሽናው ከግቢው ጀርባ ነው። ሴፕቲክ ታንኩ ደግሞ መጣጭ መኪና እንዲደርስበት በሩ አጠገብ ተሠርቷል። በመካከላቸው 34 ሜትር የሚሆን ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ አለ። 28 ሜትር ቀጥ ብሎ ይሄድና ታጥፎ 6 ሜትር ይቀጥላል። በዚህ ሁሉ ርቀት አንድም መክፈቻ የለም።

የቧንቧ ሠራተኛው ስፕሪንግ 15 ሜትር ነው። ከኩሽናው በኩል አስገባ፤ ሳይደርስ አለቀበት። ከታንኩ በኩል ሞከረ፤ መታጠፊያው ላይ ያዘው። ቆፍረን ስናየው የተዘጋው 19ኛው ሜትር ላይ ነበር። ቱቦው እዚያ ጋ ሆድ አውጥቷል። ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ሥሩ በደንብ ያልተደላደለ ቱቦ አብሮት ይጎብጣል። የጎበጠው ቦታ ውሃ ይቋጥራል፤ የኩሽና ቅባትም እዚያው ይረጋል።

የአሜሪካ የቧንቧ ደንቦች በአግድም መስመር ላይ በሁለት መክፈቻዎች መካከል ከ30 ሜትር እንዳይበልጥ ያዛሉ። ይህ ረጅም ኬብል ላለው ማሽን ይሆናል። 15 ሜትር ስፕሪንግ ለያዘ ሰው ግን 30 ሜትር ብዙ ነው። ስለዚህ ርቀቱን የምለካው በሠራተኛው ስፕሪንግ ነው።

በአክስቴ ቤት ሦስት ቦታ አደረግን። አንዱ መስመሩ የሚጀምርበት ኩሽናው ጀርባ፣ ሁለተኛው 14ኛው ሜትር ላይ፣ ሦስተኛው መታጠፊያው ላይ። ፎቅ ቤት ቢሆን ኖሮ ከላይ የሚወርደው ቱቦ እግር ሥርም አንድ ይጨመር ነበር።

ብዙ ሰው የሚስተው የአፉን አቅጣጫ ነው። ዋይ የሚባለው ባለ ሦስት አፍ የY ቅርጽ መገጣጠሚያ ሲገጠም የመክፈቻው አፍ ስፕሪንጉን ወደ ፍሳሹ መሄጃ እንዲመራው ተደርጎ ነው፤ ወደ ኋላ መግፋት አይመችም። መሀል ላይ ማንሆል የመረጥነው ለዚህ ነው፤ ከእሱ ወደ ሁለቱም ወገን ይሠራል። ክዳኑን ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገነዋል፣ የክረምት ጎርፍ እንዳይገባበት። የሌሎቹ የሁለቱ መክፈቻ ስፋትም እንደ ቱቦው 110 ነው። ፊት ለፊቱ ሰው ተንበርክኮ የሚሠራበት ግማሽ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይተው። በሴራሚክ ከተሸፈነማ እንደሌለ ቁጠሩት።

መስመሩ ሲዘጋ የመሀሉን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፤ ውሃ ተጠራቅሞ ሊገነፍል ይችላል። ውሃ ቆሞበት ካገኛችሁት የተዘጋው ከዚያ ወዲያ፣ ወደ ታንኩ በኩል ነው። ኩሽናው ሞልቶ ማንሆሉ ደረቅ ከሆነ ደግሞ ስፕሪንጉን ወደ ኩሽናው አዙሩት።