ደረጃን እንደ ስፖርት፦ ስለ ጉልበትና ስለ ፍጥነት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ደረጃ ጉልበት ይጨርሳል፤ ሊፍት በሌለው ፎቅ መኖራችን መች አነሰን?»

ጤነኛ ጉልበት በልኩ ጫና ሲያገኝ ይጠነክራል። የመገጣጠሚያው አጥንቶች እርስ በርስ እንዳይፋተጉ የሚሸፍናቸው ለስላሳ ሽፋን የራሱ የደም ሥር ስለሌለው፣ ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹም በሽፋኑ ውስጥ የሚዘዋወረው በረገጥን ቁጥር ሲጫን፣ እግራችንን ባነሣን ቁጥር ደግሞ ሲላቀቅ ነው። ጉዳቱ በአብዛኛው የሚመጣው የጭን ጡንቻ ሳይዘጋጅ ደረጃውን የመውጣትና የመውረዱ ዙር ብዛት በድንገት ሲጨምር ነው። ቀድሞ የጉልበት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

«የሚከብደው መውጣቱ ነው፤ ስወርድ አርፋለሁ።»

ልብና ሳንባ በርግጥ ያርፋሉ፤ ጉልበት ግን አያርፍም። በሰው ሠራሽ ጉልበት ውስጥ በተገጠሙ መለኪያዎች እንደታየው፣ ደረጃ ስንወጣ በጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና የሰውነታችንን ክብደት 3 እጥፍ ገደማ ሲሆን፣ ስንወርድ ወደ 3 ተኩል እጥፍ ይጠጋል። ምክንያቱም ስንወርድ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ የሰውነትን ክብደት እንደ ፍሬን ይዞ ያወርዳል። ባልለመደ ሰው ጭን ላይ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን የሚሰማው መዛልም በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው።

እዚህ ድሬዳዋ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጎረቤቴ ያጋጠማት ይኸው ነበር። ከምድር እስከ ቤቷ 72 ደረጃ አለ። በመጀመሪያው ቀን 10 ዙር ስለሠራች 720 ደረጃ ወጥታ 720 ወርዳለች። በሦስተኛው ቀን ከጉልበቷ ሎሚ በስተኋላ ያመማት ጀመር፤ ሕመሙም ስትወርድና ብዙ ተቀምጣ ስትነሣ ይብስባት ነበር። ቁልቁል ስትመጣ ከታች ሆኜ ተመለከትኳት፦ በጣቶቿ ጫፍ ብቻ እየረገጠች ዱብ ዱብ ትላለች፤ ክብደቷን የያዘው ጉልበቷም ወደ ውስጥ ወደ ሌላኛው ያጋድላል።

ሕመሙ እስኪበርድ ካረፈች በኋላ አወራረዷን አስተካከልን። አንድ እጇን መደገፊያው ላይ አድርጋ፣ ሙሉ እግሯን ደረጃው ላይ እያሳረፈች፣ ጉልበቷን በሁለተኛው የእግር ጣቷ አቅጣጫ ይዛ ድምፅ ሳታሰማ መውረድ ተለማመደች። በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 3 ዙር ጀምራ በየሳምንቱ አንድ ዙር ጨመረች። 5 ዙር ላይ ስትደርስ ጠዋት ጠዋት ሕመሙ ስለተሰማት ሳትጨምር አንድ ሳምንት ቆየች፤ 10 ዙር የሞላችውም በዘጠነኛው ሳምንት ነው። ከሁሉ ይልቅ የጠቀማት ያ ሳትጨምር የቆየችበት ሳምንት ይመስለኛል።

«ትንፋሼ እስኪቆራረጥ ካልሮጥኩ ስፖርት ሠራሁ አልልም።»

ለጀማሪ በሰከንድ አንድ ደረጃ ይበቃል፤ በዚህ ፍጥነት 72ቱ ደረጃ በ1 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ያልቃል። ላይኛው ማረፊያ ላይ ስትደርሱ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቋረጡ መናገር ከቻላችሁ ፍጥነቱ ልክ ነው፤ ከሁለትና ከሦስት ቃል በኋላ አየር ካጠራችሁ ግን ቀንሱ። ስትወጡ ከወገባችሁ ጥቂት ወደ ፊት ዘንበል በሉ፤ ያኔ የመቀመጫ ጡንቻ ሥራውን ስለሚጋራ በጉልበት ሎሚ ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀንሳል። ሁለት ሁለት ደረጃ መዝለል ጉልበትን ይበልጥ ስለሚያጥፍ፣ ጡንቻው እስኪጠነክር ድረስ ይቆይ።

«ቀትር ላይ ብሠራ ላቡ ስቡን ያቀልጠዋል።»

በላብ የሚወጣው ውኃና ጨው ስለሆነ፣ የቀነሰው ኪሎ ውኃ ሲጠጣ ይመለሳል። በሙቀት ልብ ደምን ለጡንቻም፣ ሰውነትን ለማቀዝቀዝ ለቆዳም ስለሚልክ፣ በጠዋት ቀላል የነበረው ፍጥነት ቀትር ላይ ይከብዳል። ስለዚህ ድሬዳዋ ላይ ማለዳ 12 ሰዓት ገደማ መጀመር ይሻላል፤ ሐረር ከፍ ያለችና ቀዝቀዝ ያለች በመሆኗ ሰዓቱ ያን ያህል አያስጨንቅም። ጫትም የልብ ምትንና የደም ግፊትን ስለሚጨምር፣ ከበርጫ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ደረጃው መሄድ በሁለቱም ከተማ አይመከርም።

«ጉልበት ሲያምም ሲሠሩበት ይለቃል።»

ይህ የሚሠራው በማግስቱ ጠዋት ለሚጠፋ ቀላል ሕመም ብቻ ነው። ጉልበቱ ካበጠ፣ ሲታጠፍ ወይም ሲዘረጋ ከተቆለፈ፣ ወይም ደረጃ ላይ ድንገት ከከዳችሁ ሥራውን አቁማችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ደረታችሁን ከጨመቃችሁ ወይም ራሳችሁን ካዞራችሁ ደግሞ ማረፊያው ላይ ወዲያው ተቀመጡና ሰው ጥሩ፤ በራሳችሁ ለመውረድ አትሞክሩ።