የተሳሳተ ዕቃ ደረሳችሁ? ካርቶኑን ከመዝጋታችሁ በፊት

«ያላዘዝኩት ዕቃ መጣልኝ። ልመልሰው? ይዤው ልቅር? ወይስ መጀመሪያ ልንገራቸው?»

መጀመሪያ ንገሯቸው። የምሠራው ተመላሽ ዕቃ በሚገባበት መጋዘን ነው፤ ጥያቄዋን በየቀኑ እሰማታለሁ። ችግሩ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው የልቡን ካደረገ በኋላ መሆኑ ነው። እስኪ በልባችን ይዘናቸው የምንዞረውን ነገሮች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ዝም ብዬ ልላክላቸው፤ ሲያዩት ይገባቸዋል»

አይገባቸውም! ስንት ጊዜ ይነገር?

ካርቶኑን የሚቀበለው ሠራተኛ የእናንተን ታሪክ አያውቅም። ካርቶኑ ላይ ያለውን የመመለሻ ቁጥር በስካነር ያነባል፤ ከዚህ ትዕዛዝ የትኛው ዕቃ እንደሚመለስ ስክሪኑ ላይ ይመጣለታል። ከዚያ ዕቃውን አውጥቶ ባርኮዱን ያነባል። ሁለቱ ከገጠሙ ገንዘባችሁ እንዲመለስ ይለቀቃል። ካልገጠሙ ዕቃው ወደ ጎን ይቀመጥና የሚያጣራ ሰው እስኪደርስበት ይጠብቃል። የመመለሻ ቁጥር የሌለው ካርቶን ደግሞ የማን እንደሆነ እስኪታወቅ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል።

ከሁሉ የባሰው ግን ቁጥር ኖሮትም ምክንያቱ በሐሰት የተሞላ ሲሆን ነው። ሰው ስልኩን ያወጣል፣ «መልስ» የሚለውን ይጫናል፣ ምክንያት ሲጠየቅ ጣጣ የሌለውን «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» ይመርጣል። ፎቶ አይጠየቅ፣ ማብራሪያ አይጻፍ፤ ቀላል ይመስላል።

አንድ ደንበኛ እንዲሁ አድርጓል። ያዘዘው ጁስ መፍጫ ነበር፤ የደረሰው ካውያ። «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» ብሎ ካውያውን ላከው፤ የመጣበትን ካርቶን ጣለው፤ ፎቶ የለው፣ መልእክት የለው። እኛ ጋ ሲደርስ ስክሪኑ ጁስ መፍጫ ይላል፤ ከካርቶኑ የወጣው ካውያ ነው። ይህ ለሚያጣራው ሰው ምን ይመስለዋል? ጥሩውን ዕቃ ቤቱ አስቀርቶ ሌላ ዕቃ የላከ አጭበርባሪ። እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎች ደግሞ በእውነት አሉ፤ ስለዚህ ጥርጣሬው ከሰማይ የወረደ አይደለም። ገንዘቡ ታገደ፤ ሰውዬው በስልክ ጮኸ፤ ጩኸት ማስረጃ አይሆንም።

ያዳነው ሚዛን ነው። ከመጋዘን የሚወጣ ካርቶን ተመዝኖ ክብደቱ ይመዘገባል። መፍጫው ከነማሸጊያው 4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የእሱ ካርቶን ሲወጣ የተመዘገበው 1.3 ነበር። ስለዚህ ከመጀመሪያውም መፍጫ አልተላከለትም። ይህን ቆፍሮ ማውጣት ግን ጊዜ ወሰደ፤ መዝገቡን የሚከፍት ሰው ባይገኝስ? ሰውዬው ያንኑ ቁጥር ካርቶኑ ላይ በተለጠፈው የአድራሻ ወረቀት ላይ በእጁ ይዞት ነበር። ከነካርቶኑ ቆሻሻ ውስጥ ጣለው እንጂ።

«የዕቃውን ፎቶ ልኬያለሁ፣ በቂ ነው»

የካውያ ፎቶ የሚያሳየው ካውያ መኖሩን ብቻ ነው። ከእኛ ዘንድ እንደመጣ የሚያሳየው ከካርቶኑ ጋር አብሮ ሲታይ ነው። ዕቃውን ካርቶኑ አጠገብ አድርጉት፤ የመከታተያ ቁጥሩና ክብደቱ ያለበት የአድራሻ ወረቀት በዚያው ፎቶ ይነበብ። ከዚያ የዕቃውን ባርኮድና ካርቶኑ ውስጥ ያለችውን የዝርዝር ወረቀት ቀረብ ብላችሁ አንሱ።

ያቺን ወረቀት አትናቋት፤ ስህተቱ የት እንደተፈጠረ የምትናገረው እሷ ናት። ወረቀቷ ያዘዛችሁትን ትክክለኛ ዕቃ ብላ፣ ውስጥ ያለው ግን ሌላ ከሆነ፣ መደርደሪያ ላይ ከጎን ያለውን ያነሳ ሠራተኛ አለ ማለት ነው፤ መለኪያና ቀለም የሚሳሳተው በአብዛኛው እንዲህ ነው። ካርቶኑ ላይ የእናንተ ስም፣ ወረቀቷ ላይ የሌላ ሰው ስም ካለ ደግሞ፣ ሲታሸግ የሁለት ካርቶኖች አድራሻ ተለዋውጧል፤ የእናንተ ዕቃ ምናልባት እዚያ ሰው እጅ ነው። ይህን በዕለቱ ከነገራችሁን ሁለቱንም ትዕዛዝ አንድ ላይ እንይዛለን። ዝም ካላችሁ እሱም ዝም ካለ፣ ሁለት የተናደዱ ሰዎች እንጂ አንድም መፍትሔ የለም። የፋብሪካው ማሸጊያ ትክክለኛውን ስም ይዞ ውስጡ ሌላ ከሆነ ግን ማኅተሙን ከመጣል በፊት አንሱት፤ ከዚያ በፊት ተከፍቶ እንደሆነ የሚያሳየው እሱ ነው።

እስኪወሰን ድረስ ዕቃውን አትሞክሩት። ካውያውን ሶኬት ላይ ከሰካችሁት የተላከላችሁ ስህተት ወደ ያገለገለ ዕቃ ተቀየረ።

«ስህተቱ የእነሱ ስለሆነ የእኔ ነው፤ ሕጉም ይፈቅዳል»

ይህን የሚሉ ሰዎች ሕጉን የሰሙት በግማሹ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970፣ በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2011 የወጡ ሕጎች ያልታዘዘ ዕቃ ተልኮለት ክፍያ ለሚጠየቅ ሰው ይከላከላሉ። የወጡት ምንም ሳታዙ ዕቃ ልከው «ክፈሉ» የሚሉ ነጋዴዎችን ለመከልከል ነው። እናንተ ግን አዝዛችኋል፤ የላከው ሰው ተሳሳተ። ይህ ሌላ ጉዳይ ነው። ውድ ዕቃ ሲመጣ ደግሞ ዝምታችሁ በኋላ «ያዘዝኩት አልደረሰም» ስትሉ ይጋፈጣችኋል፤ ደረሰ የሚለው መዝገብ አለና።

ርካሽ ዕቃ ሲሆን ሻጩ ራሱ «ያዙት» ይላል፤ ማስመለሻው ከዋጋው ስለሚበልጥበት ነው። ጥሩ፤ ግን በጽሑፍ ይሁን። በስልክ የተባለ ነገር ሥርዓቱ ላይ ካልገባ ከጥቂት ሳምንት በኋላ «ዕቃውን አልመለሱም» የሚል መልእክት ይመጣል። «ቅናሽ እንስጣችሁና ያዙት» ሲሏችሁም ቆም በሉ። ቅናሹን ስትቀበሉ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ ይዘጋል፤ ሙሉ ገንዘብ መጠየቅ ከዚያ በኋላ ከባድ ነው። ዕቃው በእርግጥ የሚጠቅማችሁ ከሆነ ብቻ ተቀበሉ።

«የመላኪያውን ከኪሴ ልክፈል፣ በኋላ ይመልሱልኛል»

አትክፈሉ። ስህተቱ የሻጩ ስለሆነ የተከፈለበት የመመለሻ ወረቀት ጠይቁ። ከኪሳችሁ የወጣውን ማስመለስ ሌላ ክርክር ነው።

«ባንኬ ይመልስልኛል፣ ከእነሱ ጋር አልከራከርም»

ባንኩ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ለሻጩ ነግራችሁ እንደሆነና ዕቃውን ለመመለስ ሞክራችሁ እንደሆነ ነው። ካልነገራችሁ ወደ እኛው ይመልሳችኋል፤ ያን ጊዜ የሻጩ የማመልከቻ ቀን አልፎ ሊሆን ይችላል። ቀኑ የሚቆጠረው «ደረሰ» ከሚለው ዕለት እንጂ ካርቶኑን ከከፈታችሁበት አይደለም።

«የሌላ ሰው ስም ያለበት ካርቶን ደጄ ላይ ተቀምጧል፤ ለሻጩ ልደውል»

እዚህ ላይ ሻጩ ምንም አያውቅም። የተሳሳተው አድራሹ ነው። ካርቶኑን ሳትከፍቱ በላዩ ባለው የመከታተያ ቁጥር ለአድራሹ ድርጅት ደውሉና መጥተው ይውሰዱት።