ኢንፍሉዌንስ ላይን ምንድን ነው? ጊርደሩስ መቼ ነው አብዝቶ የሚጎብጠው?

ከባቲ በኩል ኮምቦልቻ የሚገቡትን የጭነት መኪኖች ድልድይ ላይ ቆማችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የፊት ጎማው ሲገባ ብዙም አይሰማም። ከባዶቹ የኋላ አክስሎች መሀል ሲደርሱ ግን ንዝረቱ እግራችሁ ስር ይታወቃል። ታዲያ መኪናው በትክክል የት ሲደርስ ነው ድልድዩን የያዘው አግዳሚ፣ ጊርደሩ፣ የሚያጎብጠውን ትልቁን ሞመንት የሚሸከመው?

ለዚህ ኢንፍሉዌንስ ላይን አለልን። ጊርደሩ ላይ አንድ ቦታ ምረጡ፤ መሀሉን እንበል። ከዚያ 1 ኪሎኒውተን ጭነት ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኪዱ። ጭነቱ በደረሰበት ሁሉ፣ መሀል ላይ የሚፈጠረውን ሞመንት መዝግቡ። የሚወጣው ስዕል ኢንፍሉዌንስ ላይን ነው። ብዙ ተማሪ ከሞመንት ዲያግራም ጋር ያምታታዋል። በዲያግራሙ ጭነቱ ቆሞ የምናየው ቦታ ይቀያየራል። እዚህ ቦታው አይነቃነቅም፤ የሚሄደው ጭነቱ ነው።

ሁለት ጫፉ ላይ ብቻ ለተደገፈ 20 ሜትር ጊርደር ስዕሉ ሶስት ማዕዘን ነው። ከፍታው መሀል ላይ የርዝመቱ ሩብ፣ ማለትም 5 ሜትር ነው። አሁን የአሜሪካው የመንገድ ባለሥልጣናት ማህበር አሽቶ ለድልድይ ዲዛይን ያወጣውን መደበኛ የጭነት መኪና እናምጣ። አክስሎቹ ከፊት ወደ ኋላ 35፣ 145 እና 145 ኪሎኒውተን ናቸው፤ በመካከላቸው 4.3 ሜትር አለ። ባለ መስመር ወረቀት ላይ ጊርደሩን ሳሉ። አክስሎቹን ሌላ ቁራጭ ወረቀት ላይ ምልክት አድርጉና አንሸራቱት። መካከለኛው አክስል መሀል ላይ ሲውል የሌሎቹ ሁለቱ ከፍታ 2.85 ይሆናል። እያንዳንዱን ጭነት በስዕሉ ላይ ባለበት ከፍታ አባዝታችሁ ደምሩ፦

```
M = 145×5 + 145×2.85 + 35×2.85 = 1238 kN·m
```

ይህ የመሀሉ ትልቁ ሞመንት ነው። የጊርደሩ ትልቁ ግን አይደለም።

የጭነቶቹን የጋራ ማዕከል ፈልጉ። የሶስቱ ድምር፣ 325 ኪሎኒውተኑ፣ ከመካከለኛው አክስል 1.455 ሜትር ወደ ኋላ ላይ ያርፋል። የመኪናው ፊት ወደ ግራ ይሁን። ይህ ርቀት d ይሁን፣ የጊርደሩ ርዝመት L፣ መካከለኛው አክስል ከግራ ድጋፍ ያለው ርቀት ደግሞ x። በአክስሉ ስር ያለው ሞመንት በ x × (L − x − d) ይወሰናል። የሁለቱ ድምር አይለወጥም፤ ስለዚህ ብዜታቸው ከፍ የሚለው እኩል ሲሆኑ ነው። በሌላ አነጋገር፣ የጊርደሩ መሀል የ1.455ቱ እኩሌታ ላይ ሲውል። አክስሉ ከመሀል 0.73 ሜትር ወደ አንድ ወገን፣ የጋራ ማዕከሉ ያንኑ ያህል ወደ ሌላው ይሄዳል። የግራ ድጋፉ የሚሸከመውን R ብንለው፦

```
R = 325×9.272/20 = 150.7 kN
M = 150.7×9.272 − 35×4.3 ≈ 1247 kN·m
```

ልዩነቱ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። በ20 ሜትር ላይ መሀሉን ብቻ ያሰላ ሰው ብዙ አይጎዳም።

አደጋው አጭር ድልድይ ላይ ነው። ያንኑ መኪና 10 ሜትር ጊርደር ላይ በዚሁ ደንብ አቁሙት። የፊት አክስሉ ከድጋፉ 3 ሳንቲሜትር ያህል ውጭ ይወድቃል! ድልድዩ ላይ የሌለ ጎማ የጋራ ማዕከሉ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ ስሌቱ ተበላሽቷል። ሁለቱን 145ቶች ብቻ ይዛችሁ እንደገና ጀምሩ። ማዕከላቸው ከእያንዳንዳቸው 2.15 ሜትር ላይ ነው፤ እኩሌታው 1.075። ሞመንቱ 447 ኪሎኒውተን ሜትር ይወጣል። መሀሉን ብቻ ያየ ሰው ግን 425.5 ያገኛል፤ 5 በመቶ ያህል ጎደለበት።