«ፒኢው ዝቅ ያለው ይሻላል» ለሚሉ ሁሉ

«ሁለቱም ኩባንያዎች አንድ ዓይነት ሥራ ነው የሚሠሩት። የአንዱ ፒኢ 10 ነው፣ የሌላው 13። ባለ 10ሩ አይሻልም?»

ስለ ፒኢ፣ ማለትም የአክሲዮን ዋጋ ከትርፍ ጋር ስለሚነጻጸርበት ቁጥር፣ ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ የተሳሳተ አመለካከት ይሄ ነው። ስለዚህ በእሱ እጀምራለሁ፣ ሰፋ አድርጌም አየዋለሁ።

በቅርቡ አንድ ወዳጄ ስልኩን ዘርግቶ አንድ ሰንጠረዥ አሳየኝ። በአንድ ዘርፍ ያሉ ኩባንያዎችን ከትንሹ ፒኢ ወደ ትልቁ ደርድሯቸዋል። ከላይ ያሉትን ሦስቱን ቢጫ ቀብቷቸዋል። «እነዚህን ልገዛ ነው» አለኝ። «ዕዳቸውን አይተኸዋል?» አልኩት። ሰንጠረዡ ላይ ስለ ዕዳ የሚናገር አንድም ዓምድ አልነበረም።

ፒኢ ማለት የአንድ አክሲዮን የገበያ ዋጋ፣ ለዚያ አክሲዮን ለሚደርሰው የዓመት የተጣራ ትርፍ ሲካፈል ነው። አክሲዮኑ 60 ቢሸጥና ትርፉ 5 ቢሆን ፒኢው 12 ይሆናል። ስሌቱ ቀላል ነው። ችግሩ ያለው ከላይና ከታች በተቀመጡት ሁለት ቁጥሮች ላይ ነው። ላይኛው የአክሲዮኖቹ ዋጋ ብቻ ነው፣ ዕዳው አልተቆጠረም። ታችኛው ደግሞ ወለድ ከተከፈለ በኋላ የቀረው ትርፍ ነው። ስለዚህ ኩባንያው ሥራውን የሚያካሂደው በማን ገንዘብ እንደሆነ ሲለወጥ፣ ሥራው ቅንጣት ሳይለወጥ ፒኢው ይለወጣል።

በቁጥር እንየው። ሁለት ኩባንያዎች አሉ እንበል። ፋብሪካቸው፣ ደንበኛቸው፣ ሽያጫቸው አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱም ከወለድና ከግብር በፊት በዓመት 100 ሚሊዮን ያተርፋሉ። ገበያው ለሁለቱም ሥራ የሚሰጠው ጠቅላላ ዋጋ እኩል ነው፣ 1,000 ሚሊዮን። ግብሩ 25 በመቶ ነው።

የመጀመሪያው ምንም ዕዳ የለበትም። 100 ሚሊዮኑ ላይ ግብር ከፍሎ 75 ሚሊዮን ይቀረዋል። ዕዳ ስለሌለ የአክሲዮኖቹ ዋጋ ሙሉው 1,000 ሚሊዮን ነው። ፒኢው 13.3 ሆነ።

ሁለተኛው በ8 በመቶ ወለድ የተበደረው 600 ሚሊዮን ዕዳ አለበት። ወለዱ 48 ሚሊዮን ነው። ከ100 ሚሊዮኑ ሲቀነስ 52 ሚሊዮን ይቀራል፣ ከግብር በኋላ 39 ሚሊዮን። የአክሲዮኖቹ ዋጋ ደግሞ ከ1,000 ሚሊዮኑ ላይ የአበዳሪዎቹ ድርሻ ሲወጣ የሚቀረው 400 ሚሊዮን ነው። 400 ለ39 ሲካፈል 10.3 ይመጣል።

እንግዲህ 13.3 እና 10.3። ሥራው አንድ ነው። ገበያው ለሁለቱም የከፈለው ዋጋም አንድ ነው። «ርካሽ» የተባለው ኩባንያ አንድ ሳንቲም እንኳ አልረከሰም። ልዩነቱ በሙሉ የመጣው ከብድሩ ነው።

አሁን ክፉ ዓመት ይምጣ። የሁለቱም ትርፍ ከ100 ወደ 70 ሚሊዮን ይውረድ። ዕዳ የሌለበት ከግብር በኋላ 52.5 ሚሊዮን ይቀረዋል፣ የተጣራ ትርፉ በ30 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። ባለ ዕዳው ግን ወለዱን የሚቀንስለት የለም። ከ70ው ላይ 48ቱን ከፍሎ፣ ግብሩን ከፍሎ 16.5 ሚሊዮን ይዞ ይቀራል። ትርፉ በ58 በመቶ ወደቀ። የአክሲዮኖቹ ዋጋ እንዳለ ቢቆይ የመጀመሪያው ፒኢ 19 ሲሆን፣ «ርካሹ» 24 ይገባል። ባለ 10ሩን በርካሽነቱ የገዛ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ውዱን ይዞ ተገኘ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ዕዳ ሁልጊዜ ፒኢን ዝቅ አያደርግም። በምሳሌያችን ብድሩ ከግብር በኋላ 6 በመቶ ነው የሚያስወጣው፣ ምክንያቱም ወለድ ግብር ስለሚቀንስ። ዕዳ የሌለበት ኩባንያ ደግሞ በዋጋው ላይ 7.5 በመቶ ያተርፋል። ብድሩ ከትርፉ ስለረከሰ ፒኢው ወረደ። ገበያው ለዚሁ ሥራ 1,500 ሚሊዮን ቢከፍልስ? ዕዳ የሌለበት ፒኢ 20 ይሆናል። ባለ ዕዳው ግን 900 ለ39 ተካፍሎ 23 ይደርሳል። ያው ዕዳ፣ ያው ሥራ፣ አሁን ግን «ውድ» ተባለ። ስለዚህ «ዕዳ ካለ ፒኢው ላይ ትንሽ እጨምራለሁ» የሚል የግምት ዘዴ አይሠራም።

የሚሠራው ይሄ ነው። የአክሲዮኖቹን ጠቅላላ ዋጋ ውሰዱ። ዕዳውን በሙሉ ደምሩበት፣ የአጭር ጊዜውንም የረጅም ጊዜውንም። ኩባንያው በእጁ ያለውን ጥሬ ገንዘብ ቀንሱ። ውጤቱን ከወለድና ከግብር በፊት ላለው ትርፍ አካፍሉት። ከላይ ያሉት ሁለቱ ኩባንያዎች በዚህ መንገድ ሁለቱም 10 ይሆናሉ፣ እንደሚገባቸው። ከዚያ ይህንኑ ትርፍ ለወለድ ወጪው አካፍሉ። የባለ ዕዳው 100 ለ48 ሲካፈል 2.1 ነው። እኔ ከ3 በታች ሳይ ፒኢውን ማንበብ አቁሜ የብድሩን ውል መፈለግ እጀምራለሁ፤ መቼ ይከፈላል፣ ወለዱ ቋሚ ነው ወይስ ተለዋዋጭ።

ባንክ ላይ ግን ይህን አትሞክሩ። ለባንክ ተቀማጭና ብድር የሥራው ጥሬ ዕቃ ነው፣ ወለዱም ዋና ወጪው ነው። ለባንክ የአክሲዮኑን ዋጋ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ካለው የባለአክሲዮኖች ካፒታል ጋር ማነጻጸር ይሻላል።

ወዳጄ ቢጫ ከቀባቸው ሦስቱ የአንደኛውን የሒሳብ መግለጫ አብረን ከፈትን። «የፋይናንስ ወጪ» የሚለውን መስመር በጣቴ አሳየሁት። ከሥራ ትርፉ ከግማሽ በላዩን ይበላል። ሰንጠረዡ ላይ አንደኛ የወጣው እሱ ነበር።

«ትርፉ ኦዲት ተደርጓል እኮ፣ ቁጥሩ እንዴት ያሳስታል?»

ኦዲተር ደንቡ መከበሩን ነው የሚያረጋግጠው። ያ ትርፍ በሚቀጥለው ዓመት ይደገም አይደገም የእሱ ጉዳይ አይደለም። የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን የያዘውን የአሜሪካ ኩባንያ በርክሻየር ሃታዌይን ተመልከቱ። ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ የአሜሪካ የሒሳብ አያያዝ ደንብ፣ ኩባንያዎች የያዟቸው የሌሎች ኩባንያዎች አክሲዮኖች ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ፣ ባይሸጡትም እንኳ፣ ለውጡን የተጣራ ትርፋቸው ውስጥ እንዲያስገቡ ያስገድዳል። በርክሻየር በ2018 ያስመዘገበው የተጣራ ትርፍ 4 ቢሊዮን ዶላር ነበር፣ በ2019 ደግሞ 81 ቢሊዮን። የኩባንያው የገበያ ዋጋ በሁለቱም ዓመታት መጨረሻ ከ500 እስከ 550 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። ስለዚህ ፒኢው ከ120 በላይ ወደ 7 ገደማ ወረደ። ከሥራው ያገኘው ትርፍ ግን በሁለቱም ዓመታት 24 ቢሊዮን አካባቢ ነበር፣ ያን ያህል አልተንቀሳቀሰም።

ሕንፃ የሸጠ፣ በፍርድ ቤት ካሳ ያገኘ፣ ቅርንጫፉን ያስተላለፈ ኩባንያም ለአንድ ዓመት ፒኢው ዝቅ ይላል። መለያው ቀላል ነው። የተጣራ ትርፉ ዘሎ የሥራ ትርፉ ካልዘለለ፣ በሁለቱ መካከል ያሉትን መስመሮች አንብቡ። እዚያ ውስጥ አንድ ጊዜ መጥቶ የሚሄድ ነገር አለ።

«የገበያው ፒኢ ሰማይ ነክቷል፣ ሽጡና ውጡ»

ኤስ ኤንድ ፒ 500 የተባለው፣ የ500 ትልልቅ ኩባንያዎችን ዋጋ የሚከታተለው የአሜሪካ የአክሲዮን መለኪያ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2009 ወደ 676 ወርዶ ነበር። በ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ ዝቅተኛው የቀን መዝጊያው ነው። ባለፉት 12 ወራት በተመዘገበው ትርፍ ሲሰላ ግን ፒኢው ከወራት በኋላ ከ100 አለፈ። ዋጋው ስለናረ አይደለም፤ ትርፉ ስለጠፋ ነው። በ2008 የመጨረሻ ሩብ ዓመት ባንኮችና የፋይናንስ ተቋማት ከመዝገባቸው የሰረዙት ኪሣራ ከባድ ስለነበር፣ የ500ዎቹ ኩባንያዎች ትርፍ ድምር ራሱ ከዜሮ በታች ሆነ። ፒኢውን አይቶ «ውድ ነው» ብሎ የወጣ ሰው፣ ገበያው በርካሽ በሚሸጥበት ወቅት ነው የወጣው። በዓመቱ መጨረሻ መለኪያው ከ1,100 በላይ ነበር።

ብረት፣ ነዳጅ፣ መርከብና ኬሚካል ላይ የሚሠሩ ኩባንያዎች ይህን በየዙሩ ያሳያሉ፣ ግን በተገላቢጦሽ። የሚሸጡት ዕቃ ዋጋ ጣራ ሲነካ ትርፋቸው ያብጣል፣ ፒኢያቸው 4 እና 5 ይሆናል። ገበያው ያ ትርፍ እንደማይቆይ ስለሚያውቅ ብዙ አይከፍልበትም። እንዲህ ያለውን 5 ወስዶ ትርፉ በየዓመቱ ከሚመሳሰል የመድኃኒት ኩባንያ 18 ጋር ማነጻጸር ከንቱ ድካም ነው። ለእነዚህ የ10 ዓመት አማካይ ትርፍ ይጠቅማል። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ሮበርት ሺለር ለጠቅላላው ገበያ ያስለመደው መለኪያም በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ዋጋውን የዋጋ ግሽበት ከተስተካከለለት የ10 ዓመት አማካይ ትርፍ ጋር ያነጻጽራል።

የቀሩትን ባጭሩ ልጨርስ።

«ፒኢ 15 ማለት ገንዘቤ በ15 ዓመት ይመለሳል ማለት ነው»

ትርፉ ሁሉ እጃችሁ አይገባም፣ የሚገባው የትርፍ ድርሻው ብቻ ነው። ትርፉም 15 ዓመት ባለበት አይቆምም።

«የከሰረው ኩባንያ ፒኢ ከዜሮ በታች ስለሆነ ከሁሉም ርካሽ ነው»

አይደለም። ትርፍ ከሌለ ፒኢ የሚባል ነገር የለም፣ ለዚህ ነው ብዙ ሰንጠረዦች ላይ ቦታው ባዶ የሚተወው።

«ሁለቱንም ፒኢ ከታመነ ምንጭ ነው ያመጣሁት»

አንዱ ባለፈው ዓመት ትርፍ፣ ሌላው ተንታኞች ለሚቀጥለው ዓመት በገመቱት ትርፍ የተሰላ ሊሆን ይችላል። ከወዳጄ ሰንጠረዥ ውስጥ አራቱ እንዲህ የተቀላቀሉ ነበሩ። ሁሉንም ባለፈው ዓመት ትርፍ እንደገና ስናሰላቸው፣ ሦስተኛ የነበረው ኩባንያ ዘጠነኛ ሆነ።