የስፖት ቀለምን ከናሙና ጋር ማመሳሰል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ኮምፒውተሬ ላይ የሚታየው ብርቱካናማ ነው የምፈልገው፤ እሱን አስመስላችሁ አትሙልኝ።»

ስክሪን ብርሃን ያመነጫል። የታተመ ቀለም ግን የክፍሉን ብርሃን ተቀብሎ ከፊሉን ይውጣል፣ ቀሪውን ወደ ዓይን ይመልሳል። ለቡና ካርቶን ስፖት ቀለም፣ ማለትም አስቀድሞ ተበጥብጦ በራሱ ፕሌት የሚታተም ቀለም፣ ተፈልጎ ከፓንቶን የቀለም ካርድ PANTONE Orange 021 C ተመረጠ እንበል። ተራ ስክሪን ይህን ብርቱካናማ በሙሉ ድምቀቱ ማሳየት አይችልም፤ ሶፍትዌሩ የሚቀርበውን ፈልጎ ይተካዋል። ስክሪኑን ካሊብሬት ማድረግ ለፎቶ ሥራ በጣም ይጠቅማል፤ የማይደርስበትን ቀለም ግን አይጨምርለትም። በቴሌግራም የተላከ የናሙና ፎቶ ደግሞ ይብሳል፤ የስልኩ ካሜራ ነጩን በራሱ ግምት ስላስተካከለው ቀለሙ ገና ሲነሳ ተቀይሯል።

ስክሪኑ በትክክል የሚነግረን ቀለሙ የራሱ ፕሌት እንዳለውና እንደሌለው ነው። ፒዲኤፉን በአክሮባት ከፍታችሁ `Output Preview` ውስጥ እዩ፤ `PANTONE Orange 021 C` በስሙ ለብቻው መዘርዘር አለበት። ከሌለ ወደ ማጀንታና ቢጫ ተቀይሯል ማለት ነው፤ ያ ቅልቅል የ021ን ድምቀት አያመጣም።

«ቁጥሩ አንድ ነው፤ C ሆነ U ምን ለውጥ አለው?»

ቀለሙ ያው ነው፤ የሚለየው ወረቀቱ ነው። የC ካርድ የታተመው በሚያብረቀርቅ፣ ልባስ ባለው ወረቀት ላይ ስለሆነ ቀለሙ ላይ ላዩን ይቀመጣል። የU ካርድ ወረቀት ግን ልባስ ስለሌለው ቀለሙ ወደ ወረቀቱ ይሰርግና ፈዘዝ ይላል። ለአርት ፔፐር ሥራ በU ካርድ መስማማት ጠብ መግዛት ነው። ቡናማ ካርቶን ላይ የሚታተም ከሆነ ሁለቱም አይሠሩም፤ የኦፍሴት ቀለም ብርሃን ስለሚያሳልፍ ቡናማው ከሥር ይወጣል። ወይ ከሥር ነጭ ይታተማል፣ ወይ በራሱ ካርቶን ላይ ተሞክሮ የወጣው ናሙና ይሆናል።

«ቀለሙ ተበጥብጦ ካርዱን መስሏል፤ ማሽን ላይ ይጫን።»

ብዙ ወረቀት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ስፓቹላ ላይ የተከመረ ቀለም ወፍራም ስለሆነ ጠቆር ብሎ ይታያል፤ በኦፍሴት ወረቀት ላይ የሚቀረው ግን ወደ አንድ ማይክሮን የሚጠጋ ስስ ሽፋን ነው። ክምሩ ካርዱን ከመሰለ ህትመቱ ፈክቶ ይወጣል።

የደንበኛው አሮጌ ካርቶን ከ021 ትንሽ የፈካ ነው እንበል። 0.1 ግራም በሚያነብ ሚዛን ላይ 8 ግራም ትራንስፓረንት ዋይት፣ ማለትም ቀለም የሚያፈካ ብርሃን አሳላፊ መነሻ፣ አስቀምጡና ብርቱካናማውን በትንሽ በትንሹ ጨምሩ፤ የጨመራችሁትን ሁሉ ጻፉ። ጠንካራውን ቀለም መጀመሪያ ካደረጋችሁ ለማፍካት ብቻ ቆርቆሮ ሙሉ ነጭ ይበላል። ከእያንዳንዱ ጭማሪ በኋላ ከቅልቅሉ ትንሽ ቆንጥራችሁ በሚታተመው ወረቀት ላይ በስፓቹላው ጠርዝ ጠበቅ አድርጋችሁ ጎትቱ። ከናሙናው ጋር የሚነጻጸረው ስሱ ጫፍ ነው። ወረቀቱን እዚያው ጫፍ ላይ ቁረጡና ናሙናው ላይ አጋድሙት፤ በመካከል ነጭ ከታየ ዓይን ይሳሳታል።

12 ግራም ብርቱካናማ ላይ ገጠመ እንበል፤ ቅልቅሉ 60 ለ40 ነው። 1,000 ሉህ 50 በ70 ሴንቲ ሜትር ሙሉ በሙሉ ቢሸፈን 350 ካሬ ሜትር ነው። ለካሬ ሜትር 1.5 ግራም ሲታሰብ 525 ግራም ይሆናል፤ ሮለር ላይ የሚቀረው ሲታከል 700 ግራም መበጥበጥ ይሻላል፦ 420 ብርቱካናማ፣ 280 ትራንስፓረንት ዋይት። መሃል ላይ አልቆ እንደገና መበጥበጥ ልዩነት ያመጣል።

እርጥብ ቀለም ስለሚያብረቀርቅ ጥልቅ ይመስላል፤ ሲደርቅ ይፈዛል፣ በተለይ በማያብረቀርቅ ወረቀት ላይ። ስለዚህ ሙከራው አድሮ ይታይ። ላሚኔሽን ካለ ሙከራውም ይለጠፍበት፤ ማት ላሚኔሽን ቀለሙን ያደበዝዛል፣ ግሎሲው ያጠልቃል።

«ሱቁ ውስጥ አይተን ተስማምተን ነበር፤ ውጭ ስናወጣው ተለወጠ።»

የተለያየ ንጥረ ነገር ያላቸው ሁለት ቀለሞች በአንድ መብራት ሥር ተመሳስለው በሌላው ሊለያዩ ይችላሉ። ፒያሳ ባለ ጠባብ ሱቅ በቢጫ አምፖል የገጠመው ብርቱካናማ ደጅ ሲወጣ ሊቀላ ይችላል። ለህትመት የሚታወቀው መመዘኛ ብርሃን 5,000 ኬልቪን ነው። ለዚህ የተሠራ መብራት ከሌለ ቀትር አካባቢ መስኮት አጠገብ፣ ፀሐዩ በቀጥታ ሳያርፍበት እዩት፤ ቀጥሎ ዕቃው በሚሸጥበት መብራት ሥር ድገሙት። በአንዱ ገጥሞ በሌላው ካልገጠመ ግራም መጨመር አይፈታውም፤ ቅልቅሉን በሌሎች መነሻ ቀለሞች፣ በተቻለ መጠን በጥቂቶቹ፣ እንደ አዲስ ጀምሩ።

ሲገጥም የደረቀውን ሙከራ ለሁለት ቁረጡ፤ ሁለቱም ላይ ደንበኛው ይፈርም። አንዱ ከደንበኛው ጋር ይሂድ፣ ሌላው ከማሽኑ ጎን ይቀመጥ፤ ማሽኒስቱ ሉህ ባወጣ ቁጥር የሚያመሳክረው በእሱ ነው።