ከውጭ አገር የመጣ የልደት ምኞት ሲታረም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሰዋስዉ ልክ ነው፣ ቃላቱም አማርኛ ናቸው። ወደ እንግሊዝኛ ስመልሰውም ያሰብኩት ነው የሚወጣው።»

ለገጣፎ ላለች አክስት፣ ውጭ አገር ተወልዳ አፏን በእንግሊዝኛ የፈታች የወንድሟ ልጅ ይህን ጽፋለች እንበል፦

> ውድ አክስቴ፣ በ60ኛ ልደትሽ እንኳን ደስ ያለሽ! ብዙ ደስተኛ መመለሶች። ሁልጊዜ ለእኔ እዚያ ስለሆንሽ አመሰግናለሁ። የዶሮ ወጥሽ ሽታ በሕልሜ ይመጣል። ሁሉም ምኞቶችሽ እውነት ይምጡ። እደጊልኝ!

አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም። ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ቀጥ ብሎ የሚገባው ግን የተቀዳው ከዚያው ስለሆነ ነው፤ ስለዚህ ይህ መፈተኛ ስህተቱን ያጸድቀዋል እንጂ አያጋልጠውም። የሚያጋልጠው ጆሮ ነው። መልእክቱን በአክስቲቱ ዕድሜ ላለ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለትና በየአረፍተ ነገሩ መጨረሻ ትንሽ ቆዩ። የአማርኛ መልካም ምኞት ምርቃት ነው፤ ምርቃት ደግሞ «አሜን» ያሰኛል። «ዕድሜና ጤና ይስጥሽ» ሲባል አድማጩ ሳያስበው «አሜን» ይላል። «ብዙ ደስተኛ መመለሶች» ሲባል ግን «ማነው የሚመለሰው?» ብሎ ይጠይቃል። «እዚያ ስለሆንሽ» ላይም «የት?» ማለቱ አይቀርም፤ በእኛ ቋንቋ «እዚያ» ቦታ ብቻ ነው፣ በችግር ጊዜ አለመለየትን አይናገርም። ጥያቄ የተነሳበትን ቦታ አስምሩበት።

«እንኳን ደስ ያለሽ እና እንኳን አደረሰሽ ያው አንድ ናቸው።»

ደስ ያለሽ የሚባለው ለተመረቀች፣ ላገባች፣ ለወለደች ነው፤ አንድ ነገር ተሳክቶላታልና። ልደት ግን እንደ እንቁጣጣሽና እንደ ፋሲካ ቀኑ ዞሮ ሲመጣ በሕይወት መገኘት ነው፤ ስለዚህ «እንኳን ለ60ኛ ዓመት ልደትሽ አደረሰሽ» ይባላል። እዚህ ላይ «ለ»ን ልብ በሉ። አማርኛ የሚማሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይጥሏትና «እንኳን ልደትሽ አደረሰሽ» ይላሉ፤ ያን ጊዜ አድራሹ ልደቷ ይሆናል። አድራሹ ፈጣሪ ነው፣ ስሙ ባይጠራም ግሱ ይዞታል። ስሙ አለመጠራቱ ደግሞ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ቤት እንዲስማማ ያደርገዋል።

በሰበታና በለገጣፎ አፋን ኦሮሞ አፍ መፍቻው የሆነ ጸሐፊ እዚህ ላይ እምብዛም አይሳሳትም፤ በቋንቋው «ባጋ ኢቲን ኢሲን ገኤ» የሚል አቻ አለውና። የሁለተኛ ቋንቋ ጸሐፊ ሁሉ አንድ ዓይነት ስህተት አይሠራም፤ አራሚው መጀመሪያ የአፍ መፍቻውን ቋንቋ ማወቅ አለበት።

«ምርቃት ምንጊዜም ምርቃት ነው፣ ለማንም ይሆናል።»

«እደጊ» ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ምርቃት ነው፣ ታላቅ ለታናሽ ይለዋል። ልጅቷ ይህን የሰማችው ከአክስቷ አፍ ነው፤ ለእሷ መልሳ ስትልከው ቦታው ተገለበጠ። ለታላቅ «ኑሪልን»፣ «ዕድሜ ከጤና ይስጥልን» ይባላል። «መቶ ዓመት ኑሪ»ም ለ60 ዓመቷ ሴት ያምራል፣ ለ97 ዓመት አዛውንት ግን የቀረውን ዕድሜ መቁጠር ይመስላል።

«አንዴ ከታረመ አይቀር፣ ሙሉውን ባማረ አማርኛ እንደገና መጻፍ ይሻላል።»

እንዲህ ከተደረገ ካርዱ የአራሚው ይሆናል፤ አክስቲቱም የልጅቷ ድምፅ እንዳልሆነ ወዲያው ታውቃለች። ባሰመራችሁበት ቦታ ሁሉ መጀመሪያ «ምን ለማለት ፈልገሽ ነው?» ብላችሁ ጠይቋት፤ ከዚያ ያንኑ ሐሳብ በአማርኛ ከሚባለው ፈልጉላት። የእንግሊዝኛው «መመለስ» ቀኑ በየዓመቱ እንዲመጣ መመኘት ነው፤ አማርኛው «ዓመት ዓመት ያድርስልን» የሚል ዝግጁ አነጋገር አለው። «እውነት ይምጡ» የተባለውን ደግሞ «ያሰብሽው ይሙላልሽ» ይተካዋል። የዶሮ ወጡን አረፍተ ነገር ግን አትንኩት። ሰው የተለመደውን ሲል «ጣዕሙ ከአፌ አልጠፋም» ይላል፤ የእሷ ያልተለመደ ቢሆንም ወዲያው ይገባል፣ የራሷም ነው። ያልተለመደ ሁሉ ስህተት አይደለም፤ የሚታረመው ትርጉሙን የሚያስት ወይም አንባቢውን የሚያስጠይቀው ነው።

> እትዬ፣ እንኳን ለ60ኛ ዓመት ልደትሽ አደረሰሽ! ዓመት ዓመት ያድርስልን። በጨነቀኝ ጊዜ ሁሉ ከጎኔ ስላልጠፋሽ አመሰግናለሁ። የዶሮ ወጥሽ ሽታ በሕልሜ ይመጣል። ያሰብሽው ይሙላልሽ። ኑሪልን!

«ውድ አክስቴ» የወጣው የደብዳቤ ወግ ስለሚመስል ነው፤ በምትኩ የሚገባው ልጅቷ በስልክ የምትጠራት ስም ነው፣ «እትዬ»ም ሌላም ይሁን። የምታናግራት በ«እርስዎ» ከሆነ ግን «አደረሰዎ»፣ «ልደትዎ»፣ «ይሙላልዎ»፣ «ይኑሩልን» እያላችሁ እስከ መጨረሻው ለውጡ። አንዱ ግስ በ«አንቺ» ቢቀር መጀመሪያ ዓይን የሚገባው እሱ ነው።